ሰባተኛው ቀን ላይ ድጋፍ ንቀል ሲባል፦ ለአለቃ አማራጭ ያቀረብኩበት መንገድና የተበላሸው ቦታ

የሳይት መሐንዲስ ሆኖ «በዚህ ቀን ካልደረሰ» ያልተባለ የለም። ምክር ሰጪው ብዙ ነው፤ «እምቢ አትበል፣ አማራጭ ስጥ» ይሉሃል። አማራጩ አለቃው እጅ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሕንፃው ጂ ፕላስ 4 ቢሮ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ሐምሌ 3 ይሞላል፤ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ አርማታው ሲ 25፣ ስፋቱ ወደ 200 ካሬ ሜትር። ያለን የብረት ድጋፍና ፎርምወርክ ለአንድ ፎቅ ብቻ የሚበቃ ነው። ማናጀሩ ሐምሌ 10 ድጋፉ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ደግሞ ሐምሌ 20 እንዲሞላ አዘዘ። የውሉ ስፔሲፊኬሽን ለሶሌታ ድጋፍ 14 ቀን ይላል።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ቀኑ ምን ላይ እንደተንጠለጠለ መጠየቅ ነው። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አለቃን ፍርድ ቤት እንደማቆም ይሰማል፤ ስለዚህ «ኢንጂነር፣ ሐምሌ 20 ላይ ከሁሉ በፊት እንዲደርስልዎት የሚፈልጉት የቱ ነው?» አልኩ። መልሱ ሶሌታው አልነበረም። ሐምሌ 22 የክፍያ ልኬት አለ፤ ሶሌታው ሰርተፊኬቱ ውስጥ ካልገባ የሠራተኛ ደሞዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ይዘገያል። ይህን ሳያውቅ አማራጭ የሚያዘጋጅ ሰው በባዶ ይደክማል።

ሁለተኛው ሥራ ሒሳቡን እሱ በሚገባው ልክ ማሳጠር ነበር። አንድ ካሬ ሜትር ሶሌታ ራሱ ወደ 375 ኪሎ ይመዝናል። ላዩ ላይ አዲስ ሶሌታ ሲሞላ እርጥቡ አርማታ 375፣ ፎርምወርኩ 50፣ ሠራተኛና ዕቃ 150 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 575 ኪሎ በካሬ ሜትር ይወርድበታል። ሕንፃው ሲነደፍ ከራሱ ክብደት ሌላ እንዲሸከም የታሰበው ደግሞ ለወለል ንጣፍና ለግድግዳ 150፣ ለቢሮ አገልግሎት 300፣ በድምሩ 450 ነው። ስለዚህ ሶሌታው ሙሉ ጥንካሬውን ቢያገኝ እንኳ ከሥሩ ድጋፍ ሳይኖር የሚቀጥለውን ፎቅ ብቻውን መሸከም አይገባውም። ድጋፉ ሳይነቀል ከቆየለት ጭነቱን ከታችኛው ሶሌታ ጋር ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 290 አካባቢ ይደርሳል፣ ችግር የለም። ብዙ ሰው ክርክሩን የቀን ክርክር ያደርገዋል፤ ሰባት ቀን ወይስ አሥራ አራት። እኔ የተከራከርኩት በኪሎ ነው፤ በቀን የተከራከረ ሰው ሁልጊዜ «ሌላ ሳይት ላይ በሰባት ቀን ነቅለናል፣ ምን ሆነ?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ያ መልስ ለእኔም ደርሶኛል። «እርስዎ የሚሉት ሳይት በመጋቢት ነበር፤ ሲሚንቶውም ቶሎ የሚጠነክረው ኦፒሲ ነበር። አሁን ሐምሌ ነው፣ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ መጋዘን ያለንም ፒፒሲ ነው» አልኩት። ፒፒሲ ውስጥ ያለው ፖዞላና መጨረሻ ላይ ጥሩ ጥንካሬ ይሰጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ብርድ ሲጨመርበት የበለጠ ይዘገያል። ስሕተት ነበር አላልኩትም። ያኔ ትክክል የነበረ ውሳኔ ዛሬ ለምን እንደማይሠራ ብቻ ነገርኩት፤ ክብሩን ጠብቆ ከቆመበት እንዲወርድ መሰላል ያስፈልገዋል። ይህም የሆነው ጠዋት፣ ቢሮው ውስጥ፣ ፎርማኖቹ ሳይመጡ ነው። ፎርማን ፊት የተነገረን አለቃ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ከዚያ ሦስት አማራጭ በአንድ ገጽ ሰጠሁ። የመጀመሪያው፣ የገንዘቡን ቀን ይዞ ሥራውን የሚቀይር ነው፦ የምድር ቤቱ የብሎኬት ግድግዳ ወደፊት ይምጣና ሐምሌ 22 ይለካ፤ ሦስተኛው ፎቅ፣ የታችኛው ሶሌታ ከሥሩ ድጋፍ እንዳለው፣ ሐምሌ 29 ይሞላል። ሁለተኛው፣ የሶሌታውን ቀን ይዞ ወጪውን የሚጨምር ነው፦ ለአንድ ወር ሁለተኛ ዙር ድጋፍና ፎርምወርክ ይከራይ፣ ታች ያለው አይነካም። ሐምሌ 17 ላይ ድጋፎቹ በየክፍሉ ትንሽ ይላላሉና እንደገና በእጅ ይጠብቃሉ፤ ሶሌታው የራሱን ክብደት እንዲይዝና ከሥሩ ባለው ሶሌታ ላይ ሸክም እንዳይደራረብ። ሐምሌ 20 ይሞላል።

ሦስተኛው ነው ያናደደኝ። ሶሌታው በኦፒሲ ይሞላ፤ ጥንካሬ ለመለካት የሚሰበሩት የአርማታ ኪዩቦች ሶሌታው ላይ፣ እዚያው እርጥብ ጆንያ ሥር ይቀመጡ፤ ከታቀደው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛውን ሲያልፉ የፎርምወርኩ ሰሌዳዎች ይነቀሉ፣ በየክፍሉ መሐል ያለው የድጋፍ መስመር ግን ሳይነካ ይቆይ። 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ኪዩብ ሁለት ሦስተኛው ማለት ማሽኑ ላይ 375 ኪሎ ኒውተን ነው። ወረቀት ላይ አማራጩ ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱም ተያይዞ የቆመ ነገር ነው፤ ኦፒሲው ፍጥነቱን ይሰጣል፣ የሳይቱ ኪዩብ እውነቱን ይናገራል፣ የመሐሉ ድጋፍ ደግሞ የ575ቱን ኪሎ ጣጣ ይፈታል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ዋጋ የለውም።

ማናጀሩ ወረቀቱን አነበበና «ሦስተኛው ጥሩ ነው» አለ። እኔም ተስማማን ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ከሦስተኛው አማራጭ የቀረው «ኪዩብ ካለፈ ይነቀላል» የሚለው ብቻ ነበር። ኦፒሲው አልተገዛም፤ መጋዘን ያለው ይለቅ ተባለ። ኪዩቦቹ በሁለት ቦታ ነበሩ፤ የእኔዎቹ ሶሌታው ላይ፣ የቢሮው ደግሞ ላቦራቶሪ የውኃ ገንዳ ውስጥ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ሞቅ ብሎ። ሐምሌ 10 የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ፤ አማካዩ 394 ኪሎ ኒውተን። «አለፈ፣ ንቀሉ» ተባለ፤ የመሐሉ ድጋፍም ጭምር፣ ምክንያቱም ላይ ያስፈልጋል። በዚያው ቀን የሳይቱ ኪዩቦች ሲሰበሩ 333 ብቻ ነበሩ።

ማንም አልዋሸም። ገንዳው ውስጥ ያለ ኪዩብ የሚናገረው አርማታው ሲመጣ ምን ያህል ጥሩ እንደነበር ነው። ሶሌታው ዛሬ ምን እንደሚሸከም የሚናገረው ከሶሌታው ጋር የበረደው ኪዩብ ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የማከሚያው ቦታ ካልተጻፈ ለድጋፍ መንቀያ ውሳኔ አይሆንም። ይህን በእጅ የሚነካ ፎርማን ያውቀዋል፤ ወረቀት የሚፈርመው ሰው ግን ማወቅ አይፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃዋል።

ያን ቀን ያደረግኩት ነገር ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ ሦስት መስመር መጻፍ ነው። «ኢንጂነር፣ በ394 የተሰጠው ውጤት ገንዳ ውስጥ የታከመ ኪዩብ ነው። ሶሌታው ላይ የነበረው 333 ነው፣ የተስማማነው 375 ነው። ሐምሌ 14 እንደገና እሰብራለሁ፤ እስከዚያ የብሎኬት ሥራውን ከነገ ጠዋት እንዲያስጀምሩልኝ እጠይቅዎታለሁ።» ቅጂውን ለኮንሰልታንቱ ነዋሪ መሐንዲስ አልላክሁም፤ ማናጀሩን ግን «ለነዋሪ መሐንዲሱ እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ?» ብዬ ጠየቅኩ። በጣም ጨዋ ጥያቄ ነው፣ ግን የሚነቀለው ነገር በነዋሪ መሐንዲሱ ፊርማ እንደሚያልፍ ያስታውሳል። ተናደደ። ድጋፉ ግን አልተነካም።

ሐምሌ 14 የሳይቱ አማካይ 381 ሆነ። ሰሌዳዎቹ ብቻ ተነቀሉ፣ ከክፍሉ መሐል ተጀምሮ ወደ ቢሙ፤ በረንዳ ቢኖር ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ውስጥ ይሆናል። የመሐሉ መስመር ሳይነካ ቆየ፤ ለጎደለው ድጋፍ ትንሽ ኪራይ ተከፈለ። የክፍሉ መሐል ከፍታው ሰሌዳው ከመላላቱ በፊት፣ ከዚያ በኋላ፣ እና በማግስቱ ጠዋት ተለካ። መጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ በማግስቱም መውረዱን ከቀጠለ ወይም ከሥሩ በመሐል በኩል ቀጭን ስንጥቅ ከታየ ድጋፉ መልሶ ይጠበቃል። ምንም አልታየም። ሦስተኛው ፎቅ ሐምሌ 26 ተሞላ፤ ሐምሌ 22 የተለካው ብሎኬቱ ነው። ማለትም የመጀመሪያው አማራጭ በጓሮ በር ገባ፤ ከመጀመሪያው ቢመረጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ሙግት አይኖርም ነበር።

አሁን አማራጭ የማቀርበው እንዲህ ነው። ሥልጠና ላይ ሦስት አማራጭ ስጡ ይላሉ፤ እኔ ሁለት ብቻ እሰጣለሁ። ሦስት ሲሆኑ አለቃ ከእያንዳንዱ ርካሹን ቆርጦ አራተኛ ይሠራል፣ የዚያን አራተኛ ሒሳብ ደግሞ ማንም አልሠራም። ቅድመ ሁኔታውንም ከሥር በተለየ መስመር አልጽፍም፤ ቀኑ ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እጨምረዋለሁ። «ኦፒሲ ከተገዛና የመሐሉ ድጋፍ ሳይነካ ከቆየ ሐምሌ 10፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሐምሌ 17» ብዬ። እንዲህ ሲጻፍ ቀኑን ብቻ ቆርጦ መውሰድ አይቻልም፤ ሲሚንቶው ያልተገዛ ቀን ራሱ ቀኑ ይቀየራል።

እንዲሁም «እምቢ ማለት ፈጽሞ የለም» የሚለውን አልቀበልም። አንድ መስመር እምቢ ይኖራል፣ እሱም በመጀመሪያው ቀን፣ ከአማራጮቹ በላይ ይጻፋል፦ «ከሥሩ ድጋፍ በሌለው ሶሌታ ላይ የሚቀጥለው ፎቅ አይሞላም።» ይህ ከአማራጮቹ ጋር ተደባልቆ ከቀረበ ለድርድር የቀረበ ይመስላል።

ከስምምነቱ በኋላ በዚያው ቀን ማታ አጭር መልእክት እልካለሁ፦ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ኦፒሲው እስከ ሰኔ 29 ሳይት ይገባል፣ ኪዩቦቹ ሶሌታው ላይ ይቀመጣሉ፣ የመሐሉ ድጋፍ አይነካም። ያልተረዳሁት ካለ ያርሙኝ።» ማናጀሩ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። የግዥ ክፍሉ ግን ቅጂው ስለሚደርሰው፣ ሲሚንቶው ሰኔ 29 ካልገባ ጥያቄው ሐምሌ 10 ሳይሆን ሰኔ 30 ይነሳል።