የጠፉብኝ 26 ወራት

በአንድ የግል ፋብሪካ ከመስከረም 2004 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ንብረት ክፍል ሠርቼ 60 ዓመት ስለሞላኝ በጡረታ ተሰናበትኩ። አገልግሎቴ 11 ዓመት ከ4 ወር ነበር። ማመልከቻዬን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ካስገባሁ ከአምስት ወር በኋላ ግን አበሉ ሳይመጣ፣ ከሐምሌ 2006 እስከ ነሐሴ 2008 ያለው መዋጮ በመዝገብ ላይ እንደማይታይ በቃል ተነገረኝ። 26 ወራት ሲቀነሱ የሚቀረኝ 9 ዓመት ከ2 ወር ነው። ይህም በየወሩ የሚከፈለውን አበል ለማግኘት ከሚጠየቀው 10 ዓመት በታች ስለሚሆን፣ የሚደርሰኝ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ብቻ ይሆን ነበር።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ በምሬት የተሞላ ነበር፤ «ጡረታዬ ስለዘገየ አስቸኳይ መልስ ይሰጠኝ» ከማለት በቀር ለመርማሪው የሚያዝ ነገር አልነበረውም። ያገኘሁት መልስም «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» የሚል ነበር። የደመወዝ ወረቀቶቼን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አስቀምጬ ስለነበር ኮፒያቸውን ይዤ ተመለስኩ፤ መርማሪዋ ግን አይታ መለሰችልኝ። «አባቴ፣ ይህ ከእርስዎ መቆረጡን እንጂ ለእኛ ገቢ መደረጉን አያሳይም» አለችኝ። ትክክል ነበረች።

በእነዚያ ወራት አሠሪው በየወሩ ከሠራተኛው 7 በመቶ ቆርጦ የራሱን 11 በመቶ ይጨምርና፣ የሠራተኞቹን ስም፣ ቲን ቁጥርና ደመወዝ ከዘረዘረ ማሳወቂያ ጋር ለገቢዎች ቅርንጫፍ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ወደ ፋብሪካው ሄጄ የእነዚያን ወራት ማሳወቂያና የክፍያ ደረሰኝ እንዲሰጡኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ማኅደሩን አውጥተው ሲያሳዩኝ፣ የሐምሌ 2006 ዝርዝር ላይ ስሜ አለ፤ በ6,000 ብር ደመወዝ ላይ 420 ከእኔ፣ 660 ከአሠሪው፣ ድምር 1,080 ብር። ቲን ቁጥሬ ላይ ግን ሰባተኛውና ስምንተኛው አኃዝ ቦታ ተለዋውጠዋል። በዚያ ወር ሥራ የጀመረው የሒሳብ ሠራተኛ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ሲጽፍ ተሳስቶ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 2008 ያሉት ወራት ሁሉ ከእሱ ተገልብጠዋል። ገንዘቡ ገብቷል፤ በእኔ ስም አልተመዘገበም። ፋብሪካው ሳይከፍል ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ፣ መንገዱም የረዘመ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የጡረታ መለያ ቁጥሬን፣ የጎደሉትን ወራት፣ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ቲን ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ መዝገቡ እንዲስተካከልና የአገልግሎት ዘመኔ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ጠየቅሁ። ፋብሪካው ስህተቱ የራሱ መሆኑን ያመነበትን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ከ26ቱ ማሳወቂያዎችና ደረሰኞች ጋር አያያዝኩ። ለራሴ በቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን እንዲጽፍልኝ አደረግሁ፤ በፊተኛው ደብዳቤ ይህን ባለማድረጌ በኋላ ስጠይቅ «አልደረሰንም» ተብዬ ነበርና። ከዚያ በኋላ ስመላለስ የምጠራው ያንን ቁጥር ነበር።

ከሰባት ሳምንት በኋላ 11 ዓመት ከ4 ወር የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ከጥር 2015 ጀምሮ ያለው ውዝፍ አበልም በባንክ ደብተሬ ገባ።