ሦስተኛዋ ስላይድ

ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ለእናቶች በምናዘጋጀው ባለ ሰባት ስላይድ ጽሑፍ ላይ አመሻለሁ። ይዘቱን የጻፈችው ነርስ ባልደረባዬ ናት፤ የእኔ ሥራ ንባቡን ማቃናት ነው። አጀማመሩ ይይዛል፤ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ሁለተኛዋ «ተቅማጥ ከልጁ ሰውነት ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል፤ አደገኛ የሚያደርገው ይኼ ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ፈሳሽ ማጣት የልጁን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል» ትላለች። ቃሉ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። እናቲቱ ጣቷን ያንሸራተተችው አዲስ ነገር ፍለጋ ነው፤ ያንኑ ካገኘች ቀጣዩን ለመክፈት ምክንያት አይኖራትም። ዋናው ነገር ደግሞ አራተኛዋ ላይ ያለው፣ ስኳርና ጨው ተመጥኖ የገባበት ዱቄት አበጣበጥ ነው፤ «አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ»።

እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ የምለየው በሁለቱ ስላይዶች መካከል «ስለዚህ»፣ «ግን» ወይም «ታዲያ» አስገብቼ በማንበብ ነው። እዚህ የሚገባው «በሌላ አነጋገር» ብቻ ሆነ። ቀጥዬ ሦስተኛዋን ሸፍኜ ከሁለተኛዋ ወደ አራተኛዋ አለፍኩ። ምንም የጎደለ ካልመሰለ መሰረዝ ይበቃል። እዚህ ግን ጎድሏል፤ ልጁ ያጣው በብዛት ውሃ ከሆነ ውሃ ብቻ ብሰጠውስ? ማንኛዋም እናት የምትጠይቀው ይኼን ነው። ድግግሞሹ የተቀመጠው ይኼ ጥያቄ መመለስ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የማየውም እንዲሁ ነው፣ ጸሐፊው ማስረዳት የከበደው ቦታ ላይ ሲደርስ ያለፈውን ይደግማል።

ስለዚህ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። ያስረዳችኝን አሳጥሬ እንዲህ ጻፍኩት፦

«ታዲያ ውሃ ብቻ ብንሰጠውስ? አይበቃም። አንጀት ጨውን በደንብ የሚቀበለው ከስኳር ጋር ሲመጣለት ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል።»

ሶዲየምና ግሉኮስ የሚሉትን ስሞች መጀመሪያ አስገብቼ ነበር፤ ጣት የሚያዘገዩ ሆነው ስላገኘኋቸው አወጣኋቸው።

አሁን አራተኛዋም መለወጥ ነበረባት። ስኳርና ጨው በልክ እንደሚሠሩ አንባቢዋ ካወቀች፣ አንድ ሊትር የተባለበትን ምክንያት መስማት ትፈልጋለች። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበታል። እንዲጣፍጥ ብላ ስኳር ከጨመረችበት ደግሞ ትርፉ ስኳር ውሃን ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያባብሳል። መለኪያውን ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ ጻፍኩት፦ «ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውሃ፣ አንድ ፓኬት፣ ሌላ ምንም አይጨመር።» ጡት ማጥባት እንዳይቋረጥ የሚለው እዚያው ተጨናንቆ ነበር፤ ወደ አምስተኛዋ አሻግሬዋለሁ።