«ሙሉ በሙሉ ሲፈካ» ብለው ጉድ ሠሩኝ

ከማመርታቸው የመድኃኒት ዕፅዋት ቅጠሉንም ሥሩንም ልጣጩንም በጊዜው ሰብስቤያለሁ። የተሸወድኩት የካሞሚል አበባ ላይ ነው። ስለዚህ የሌላውን ቶሎ ብዬ ልጨርስና ወደ ንዴቴ ልግባ።

ፔፐርሚንቱን የቆረጥኩት የመጀመሪያዎቹ አበቦች ብቅ ማለት ሲጀምሩ ነው። ገና ለጋ ሳለ ቢቆረጥ ቅጠሉ ውስጥ የሚበዛው ሜንቶን ነው። ቅጠሉ ሲበስል ነው ወደምንፈልገው ሜንቶል የሚለወጠው። በጣም ቢዘገይ ደግሞ አበባው የራሱን ደስ የማይል ሽታ ይዞ ይመጣል። የጊዜዋን ሥር ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ፍሬው ቀልቶ ካየሁ በኋላ ቆፈርኩ፤ ከተዘራ ስድስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የአኻያውን ልጣጭ ዛፉ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ላጥኩ። ያኔ ልጣጩ ከእንጨቱ ያለ ትግል ይላቀቃል። የላጥኩት ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸውን፣ አስቀድሜ የቆረጥኳቸውን ቅርንጫፎች ብቻ ነው። ግንዱን ዙሪያውን የላጠ ሰው ዛፉን ገደለው ማለት ነው።

አሁን ካሞሚሉ።

የግብርና ባለሙያው አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። «አበባው ሙሉ በሙሉ ሲፈካ፣ በማለዳ ይሰብሰብ» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም። እኔም እንደ ሕግ ያዝኩት።

ችግሩ፣ ካሞሚል አንድ ላይ አይፈካም። አንዱ ተክል ላይ እምቡጥ፣ ገና የፈነዳ እና ያረጀ አበባ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኔ ግን «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ለማሳው አደረግኩት። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ እስኪሆን ጠበቅኩ። በየቀኑ እየሄድኩ «ትንሽ ይቀረዋል» እያልኩ እመለሳለሁ። አሥር ቀን አለፈ። አሥራ አንደኛው ቀን ማሳው ሲያዩት ልብ ይሰርቅ ነበር። ፎቶም አንስቼዋለሁ። ዛሬ ያንን ፎቶ ሳየው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሊነግረኝ የፈለገው ሁሉ እዚያው ላይ አለ። ከአበቦቹ ግማሽ ያህሉ ነጭ ቅጠሎቻቸውን ወደ ታች ጥለዋል። መካከሉ ላይ ያለው ቢጫ ጉብታ ሾጥጦ ወጥቷል። ይህ አርጅቷል ማለት ነው። እኔ ግን ያየሁት ውበቱን ብቻ ነው።

በማለዳ ይሰብሰብ ስለተባለ ጤዛው ሳይደርቅ ገባን። 20 ኪሎ የሚሆን ለቀምን። እየለቀምን ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቅነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆየ። ወደ ማድረቂያው ሊደረግ ሲወጣ እጄን ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ሞቋል። እርጥብ አበባ ተጠቅጥቆ ሲቀመጥ መተንፈሱን አያቆምም፣ ራሱን ያሞቃል፣ ከዚያ መጥቆር ይጀምራል። ያኔ እንኳ ልቤ አልደነገጠም።

ጥላ ስር፣ ስስ አድርጌ ዘርግቼ አደረቅኩት። ከ20 ኪሎው አራት ኪሎ ተኩል ያህል ወጣ። የክብደቱ ነገር ትክክል ነው፤ አራት፣ አምስት ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ደረቅ ይሰጣል። ደስ ብሎኝ ወደ ገዢው ወሰድኩት።

ገዢው ምንም አልተናገረም። ወንፊት አወጣ። አንድ እፍኝ ከተተና ሦስት ጊዜ ነቀነቀው። ወንፊቱ ላይ የቀረው ነጭ ቁርጥራጭና ባዶ ግንድ ነው። ቢጫው ሁሉ ዱቄት ሆኖ ከስር ተከመረ። «ይሄ አበባ አይደለም እኮ፣ አቧራ ነው» አለኝ። ዕቃዬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ለባለሙያው ነገርኩት። «እና ሙሉ በሙሉ ፈክቶ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። መልስ ይሆናል ብሎ ነው! ከእሱ በላይ ግን በራሴ ተናደድኩ። አንድ አበባ በጥፍሬ ሰንጥቄ ለማየት የሚፈጅብኝ ግማሽ ደቂቃ ነበር።

ሰንጥቄ ያየሁት በኋላ ነው። ያ ቢጫ ጉብታ አንድ አበባ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቱቦ መሳይ አበቦች ስብስብ ነው። የሚከፈቱት ከታች ጀምረው፣ ቀለበት በቀለበት፣ ወደ ላይ እየወጡ ነው። መዓዛውን የሚሰጠው ዘይትም የሚከማቸው እነሱ ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ነው። ከጉብታው ግማሽ ያህሉ ሲከፈት ዘይቱ ጥሩ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጫፍ ድረስ ሲከፈቱ የታችኞቹ ዘር ወደ መያዝ ገብተዋል። የዘይቱ መጠን ይወርዳል፣ አበቦቹም መያዣቸውን ይለቃሉ። ሲደርቁ የሚበተኑት ለዚህ ነው። የእኔ አቧራ ከዚህ መጣ።

ለሁለተኛው ዙር ማንንም አልጠየቅኩም። በቀይ፣ በሰማያዊና በጥቁር ክር አበቦች ላይ ምልክት አሰርኩ። ቀዩ ነጭ ቅጠሎቹ ገና ወደ ላይ ቆመው ያሉት። ሰማያዊው ነጭ ቅጠሎቹ ጠረጴዛ መስለው የተዘረጉትና ቢጫው እስከ ግማሽ የተከፈተው። ጥቁሩ ቅጠሎቹን የጣለው። ሦስቱንም ለየብቻ ለቅሜ ለየብቻ አደረቅኩ። ወንፊት ላይ ስነቀንቃቸው ቀዩና ሰማያዊው ክብ ሆነው ቀሩ። ጥቁሩ እንደ ዱሮው ተበተነ።

ከዚያ የአንድ ወዳጄን የመስታወት ማንጠሪያ ተዋስኩ። ካሞሚል ሲነጠር ዘይቱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ቀለም አበባው ውስጥ የለም። ማትሪሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በእንፋሎት ሲሞቅ ነው ወደ ካማዙሊን የሚለወጠው። ከእያንዳንዱ 100 ግራም ደረቅ አበባ አነጠርኩ። ከሰማያዊው ክር ግማሽ ሚሊ ሊትር ገደማ ወጣ፣ ቀለሙም ድብን ያለ ነበር። ከጥቁሩ የወጣው ግማሹን እንኳ አይሞላም፣ ቀለሙም የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ከቀዩ የወጣው መሃል ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቀለሙ ድምቀት በዘሩም ይለያያል። ሁለት የተለያዩ ዘሮችን በቀለም ብቻ አታወዳድሩ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ትቼ በራሴ መንገድ ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ አጭዶ መጨረስ የሚባለውን ትቻለሁ። በየሰባት ቀኑ እየገባሁ ሰማያዊ ክር የነበረውን ዓይነት ብቻ እለቅማለሁ። ጉልበት ይፈጃል፣ አልዋሽም። የምገባው ጤዛው ደርቆ፣ ፀሐዩ ሳይከር ነው፤ «ማለዳ» የሚሉትን አልቀበልም። ከአበባው ጋር የማስቀረው ግንድ ከሁለት፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ጆንያ አልነካም፤ ሰፊ ቅርጫት ነው የምይዘው፣ እሱንም ከአንድ ስንዝር በላይ አልሞላም። ሳደርቀው ሙቀቱን ከ35 ዲግሪ አላሳልፍም፤ ዘይቱ የሚተን ነገር ነውና።

ስጠራጠር አሥር አበባ ለቅሜ መሃላቸውን በጥፍሬ እሰነጥቃለሁ። ሰባቱ እስከ ግማሽ ከተከፈቱ ቅርጫቴን አነሳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ነጭ ቅጠሎች ወደ ታች ሲወርዱ ካየሁ ግን ቀኑ ምንም ይሁን፣ እንግዳ ቢመጣ እንኳ፣ ያን ቀን እለቅማለሁ።

ባለሙያው ዘንድሮም ያንኑ ወረቀት ሲያድል አየሁት። አንዱን ተቀብዬ «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ሰርዤ በእስክሪብቶ «እስከ ግማሽ» ብዬ ጻፍኩበትና መለስኩለት። አነበበው። አጠፈና ኪሱ ከተተው።