ስብ እየቀነስኩ ከአፐር ሎወር ወደ ፉል ቦዲ ለምን ዞርኩ?

ብረት ማንሳት ከጀመርኩ የተወሰኑ ዓመታት ሆነኝ። በየሳምንቱ ባሩ ላይ ኪሎ እየጨመሩ የሚሄዱበት የጀማሪ ጊዜ አልፎኛል። ስብ መቀነስ ስጀምር 84 ኪሎ ነበርኩ። ስኳት በ110 ኪሎ 5 ጊዜ፣ ቤንች ፕሬስ ደግሞ በ85 ኪሎ 5 ጊዜ እሠራ ነበር። ግቤ ቀላል ነው፦ ቦርጩ ይሂድ፣ እነዚህ ቁጥሮች ግን ይቆዩ። ስብ በሚቀነስበት ወቅት ጡንቻ አለመጥፋቱን በመስታወት ማየት ያስቸግራል። ባሩ ላይ ያለው ኪሎ ግን አይዋሽም።

ምግብ ላይ ብዙ አልተፈላሰፍኩም። በቀን ከማቃጥለው 400 ካሎሪ ገደማ ቀነስኩ፣ ፕሮቲኑን 140 ግራም አካባቢ ያዝኩ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወርድ ነበር። ከዚህ በላይ መቸኮል ለኔ ቢጤ ጥሩ አይደለም፤ ከስቡ ጋር ጡንቻው አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የምሠራው አፐር ሎወር ነበር። ሰኞ የላይኛው አካል፣ ማክሰኞ እግር፣ ሐሙስ እንደገና የላይኛው፣ ቅዳሜ እግር። በደንብ እየበላሁ ሳለሁ በጣም የተስማማኝ ፕሮግራም ነው። ደረት በሳምንት 12 ሴት ወይም ዙር፣ የጭን ፊት 14 ሴት ያገኝ ነበር። ጂም ውስጥ 1 ሰዓት ተኩል ያህል እቆያለሁ፣ ችግር የለውም።

ምግቡ ሲቀንስ መጀመሪያ የተነካው ቤንቹ አልነበረም። የቅዳሜው እግር ነው። ማክሰኞ በ110 ኪሎ 5 ጊዜ የወጣው ስኳት፣ ቅዳሜ 3ኛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ነገሩን ሳስበው ምክንያቱ እግሬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ማክሰኞ ከስኳት በኋላ ሮማኒያን ዴድሊፍት አለ። ሐሙስ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ባር ሮው እሠራለሁ። የታችኛው ጀርባዬ ሳያርፍ ቅዳሜ ይደርሳል ማለት ነው። በቂ ምግብ ሲኖር ሰውነት ይሄን ይሸከመዋል፣ ሲጎድል ግን ሒሳቡን ያወራርዳል።

አንድ የጂም ጓደኛዬ «ወንድሜ፣ ኪሎውን ቀንስና ድግግሞሹን ጨምር፣ ስቡ የሚቃጠለው እንደዛ ነው» አለኝ። ይሄ ጂም ውስጥ በብዛት የሚሰማ ምክር ነው፣ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ስቡን የሚያወርደው የምግቡ ጉድለት ነው። የብረቱ ሥራ ለሰውነት «ይሄ ጡንቻ ያስፈልጋል፣ አትንካው» ማለት ነው፤ ያንን የሚነግረው ደግሞ ከባዱ ኪሎ ነው። ስለዚህ መቀነስ ካለበት የሴቱ ብዛት ይቀንስ እንጂ ኪሎው ባለበት ይቆይ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሴት መቀነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፐር ሎወር ላይ ሆኜም ይቻል ነበር። የሳምንቱ ሴት ድምር እኩል እስከሆነ ድረስ፣ አንድን ጡንቻ በሳምንት 2 ጊዜ መሥራትና 3 ጊዜ መሥራት ለጡንቻ ዕድገት የሚያመጡት ልዩነት ትንሽ ነው። ፉል ቦዲ፣ ማለትም በመጡበት ቀን ሁሉ መላ አካልን መሥራት፣ ተአምር የለውም። ወደ ፉል ቦዲ የመለሰኝ ሳይንሱ ሳይሆን የሳምንቱ ቀናት ናቸው።

እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በነዚህ ቀናት እንቁላል የለም፣ አይብ የለም፣ ዶሮ የለም። ምስርና ሽሮ እየበላሁ፣ ያውም ካሎሪ እየቆጠርኩ፣ 140 ግራም ፕሮቲን ልሙላ ብል እንጀራው ራሱ ከካሎሪው በላይ ያወጣኛል። በዛ ላይ እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ ቆይቼ ከሥራ መልስ ከባድ ስኳት መሥራት አልፈልግም። ለአፐር ሎወር የሚቀሩኝ የፍስክ ቀናት ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ ናቸው። እሑድ የቤተሰብ ነው። 4 ቀን ለ4 ቀን፣ መተንፈሻ የለውም። ማክሰኞ ስብሰባ ቢረዝም ወይ ታክሲ ቢጠፋ እግር በዛ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተሠራ ማለት ነው፤ ያቺ አንዷም የደከመችው የቅዳሜዋ ናት። ፉል ቦዲ ላይ ግን አንድ ቀን ቢያመልጥ ሁሉም ጡንቻ ሁለት ጊዜ ይነካል።

እናም ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ አደረግኩት። ማክሰኞ ስኳት በ110 ኪሎ 3 ሴት፣ ቤንች 3 ሴት፣ በዳምቤል ሮው 3 ሴት፣ ለጎን ትከሻ 2 ሴት። ሐሙስ ሮማኒያን ዴድሊፍት 3 ሴት፣ የትከሻ ፕሬስ 3 ሴት፣ ላት ፑልዳውን 3 ሴት፣ ከዛ ሌግ ፕሬስና ኢንክላይን ዳምቤል ፕሬስ 2፣ 2 ሴት። ቅዳሜ ቤንች መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ ስኳት ቀለል ብሎ በ100 ኪሎ 3 ሴት፣ የኬብል ሮው 3 ሴት፣ ጊዜ ከተረፈ ክንድ። ደረቱም የጭን ፊቱም በሳምንት ወደ 8 ሴት ወረዱ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስኳትና ዴድሊፍት አንድ ቀን ላይ አልገቡም፣ ጎንበስ ተብሎ የሚሠራው ባር ሮውም ወጥቶ ጀርባን በማያደክም ሮው ተተካ። ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። ፉል ቦዲ ላይ መጨረሻ የሚሠራ ነገር ሁሌም ትርፍራፊ ጉልበት ነው የሚደርሰው። ሁልጊዜ በስኳት ከጀመራችሁ ቤንቻችሁ ይወርድና ጡንቻ የጠፋ ይመስላችኋል። ቅዳሜ ቤንቹን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

የሚያናድድም ነገር አለው። ለእያንዳንዱ ከባድ እንቅስቃሴ ለየብቻ ማሟሟቅ አለ፤ ባዶ ባር፣ 60፣ 80፣ 95 እያሉ ወደ 110 መውጣት ጊዜ ይበላል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ጂሙ ሞልቶ የስኳቱን ቦታ ጠብቄ፣ ከዛ ቤንቹን ጠብቄ፣ ከዛ ኬብሉን። አፐር ሎወር ላይ ቢያንስ የምጠብቀው የግማሹን ዕቃ ነው። መፍትሔዬ ቤንቹን አንዴ ከያዝኩ ዳምቤሎቹን አጠገቤ አስቀምጬ በአንዱ የቤንች ሴትና በሚቀጥለው መሀል ሮው መሥራት ነበር። ደረት ሲያርፍ ጀርባ ይሠራል።

እየሠራ መሆኑን የማውቀው በማክሰኞው የመጀመሪያ ስኳት ሴት ነው። በየሳምንቱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ መጥፎ ቀን ምንም አይደለም፣ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። ሁለት ተከታታይ ማክሰኞ ከ5 ወደ 4 ከወረደ ግን ከእያንዳንዱ አንድ ሴት እቀንሳለሁ፣ ኪሎውን አልነካም። ያም ካልመለሰው ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ አይደለም፣ ምግቡ በጣም ቀንሷል ማለት ነውና 150 ካሎሪ እጨምራለሁ። ወገቤንም በሜትር እለካለሁ፤ ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ ከጠበበ ዝም ብዬ እቀጥላለሁ።

78 ኪሎ ስደርስ ስኳቱ አሁንም 110 በ5 ነው። ቤንቹ አንድ ድግግሞሽ አጥቷል፤ 6 ኪሎ ለቀነሰ ሰው አልከፋም።

ስኳታችሁ 160፣ ዴድሊፍታችሁ 200 ከሆነ ግን ይሄ ላይሠራላችሁ ይችላል። በዛ ኪሎ አንድ ከባድ ስኳት ብቻውን ቀኑን ይጨርሰዋል፣ ከሱ በኋላ የሚሠራ ቤንች የይስሙላ ነው። እንዲህ ላለ ሰው፣ በሳምንት 4 ቀን ሳይቀር መምጣት ከቻለ፣ አፐር ሎወሩን ይዞ በየቀኑ ከ2 እስከ 3 ሴት መቁረጡ ይሻለዋል። እኔም ምግቡን ወደነበረበት ስመልስ ወደዛው መመለሴ አይቀርም፤ መጀመሪያ ካሎሪው፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ሴቶቹ፣ ቀኖቹ ደግሞ መጨረሻ።