ለ61 ሰዎች ገንዘብ ከለከልኩ፤ 52ቱ ምንም አላጠፉም

«ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ። በእረፍቴ ሰዓት 13 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ሞላሁልህ። አላነበብሽም ያልከኝ ከምን ተነስተህ ነው?»

ይህ መልእክት ሲደርሰኝ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከስሩ ሌሎች 19 መልእክቶች ተደርድረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር ለማስተርስ መመረቂያዬ የኦንላይን መጠይቅ አዘጋጀሁ። ርዕሱ ወደ አገራቸው ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች የአገልግሎት ክፍያውን ምን ያህል ይረዱታል የሚል ነው። ግማሾቹ አጭር ማብራሪያ ያነባሉ። ግማሾቹ ደግሞ የምንዛሪ ልዩነቱንም የሚዘረዝር ረጅም ማብራሪያ። ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመልሳሉ። የሥነ ምግባር ፈቃድ አገኘሁ፣ እየተከፈላቸው መጠይቅ የሚሞሉ ሰዎችን የሚያቀርብ ፓነል መረጥኩ፣ ለ400 ሰው በነፍስ ወከፍ 1.80 ፓውንድ አስያዝኩ። እዚህ ድረስ አንድ ሳምንት ፈጀ፤ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው አማካሪዬ «መፈተሻ ጥያቄ በደንብ አብዛበት፣ እነዚህ ሰዎች ለገንዘብ ነው የሚሞሉት» ሲለኝ ነው። እኔስ ታዲያ ቴሲሱን ለጽድቅ ነበር የምጽፈው? ይህን አሁን እላለሁ። ያኔ ግን አንገቴን ነቅንቄ ሰው አንብቦ መሙላቱን የሚለዩ ሦስት መፈተሻ ጨመርኩ።

አንደኛው ወጥመድ ነበር። ረጅም አንቀጽ ነው፤ ሰዎች ዜና ከየት እንደሚያገኙ ያወራል። መጨረሻው አካባቢ «ማንበብዎን ለማረጋገጥ ከታች ያለውን ጥያቄ ትተው ‹ሌላ› የሚለውን ብቻ ይምረጡ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተሸጉጧል። ከዚያ በደማቅ ፊደል «ዜና የሚከታተሉት ከየትኛው ነው?» ይላል፤ ሥሩ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ጋዜጣ ተዘርዝረዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2009 ኦፐንሃይመርና ባልደረቦቹ ካስተዋወቁት ወዲህ በሰፊው ይሠራበታል። እኔም ገልብጬ አስገባሁት።

ሁለተኛው «ባለፈው አንድ ዓመት ኮምፒውተር ተጠቅሜ አላውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። በኦንላይን የሚሞላ ሰው «እስማማለሁ» ካለ ይዋሻል ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛው በሰንጠረዥ መሃል «እዚህ ረድፍ ላይ ‹በጣም አልስማማም›ን ይምረጡ» የሚል ነበር።

መጠይቁ በሁለት ቀን ሞላ። 61 ሰዎች ቢያንስ በአንዱ ወደቁ። ፓነሉ ውስጥ «ውድቅ አድርግ» የሚል ቁልፍ አለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ 61ዱንም መርጬ ተጫንኩት። እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌባ የያዝኩ መሰለኝ።

ያልገባኝ ነገር የዚያ ቁልፍ ክብደት ነው። ሰውየው የሚያጣው 1.80 ፓውንድ ብቻ አይደለም። ከሞላቸው መጠይቆች ስንቱ ተቀባይነት እንዳገኘ የሚያሳየው የተቀባይነት መጠኑም ይወርዳል። ብዙ ተመራማሪዎች ደግሞ ከተወሰነ መጠን በታች ያለን ሰው አያስገቡም። ስለዚህ አንድ ውድቅ መደረግ የሚቀጥሉትን ሥራዎች ሊዘጋበት ይችላል። ሰዎቹ የጻፉልኝ ለዚህ ነበር።

በማግስቱ ያችን ሴት ውሸታም ላደርጋት ዳታውን ከፈትኩ። አልሆነልኝም። የወደቀችው ወጥመዱ ላይ ብቻ ነው። «ሬዲዮ» ብላ መርጣለች። ክፍት ጥያቄው ላይ ስለ ምንዛሪ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋለች፤ እኔ በመግቢያዬ ካብራራሁት የተሻለ ነው። በደማቅ የተጻፈ ጥያቄ ቀረበላት፣ ለእሱ በቅንነት መለሰች። ከላይ ያለውን አንቀጽ ዓይኗ ዘሎት ይሆናል። እኔም ቅጽ ስሞላ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ። ሦስት ነገር ነው የተመለከትኩት፦ በየገጹ የወሰደውን ጊዜ፣ ሰንጠረዡ ላይ በአንድ ዓምድ ቁልቁል መውረዱን፣ ክፍት ጥያቄው ላይ የጻፈውን። «ክፍያው ግልጽ ነው» እና «ክፍያው ግራ ያጋባል» ለሚሉት ሁለቱም «እስማማለሁ» ያለ ሰው አላነበበም፤ ይህ ያለ ወጥመድም ይታወቃል። እንዲህ ያሉት 9 ብቻ ነበሩ። 12 ደቂቃ የሚፈጀውን ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሰው፣ ክፍት ጥያቄው ላይ «ጥሩ» ብለው የወጡ። 44ቱ የወደቁት ወጥመዱ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው መልሳቸው ካለፉት ሰዎች አይለይም።

የቀሩት 8ቱ የወደቁት የኮምፒውተሩ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ስምንቱም መጠይቁን የሞሉት በስልክ ነው። አንዱ «ኮምፒውተር የለኝም፣ እውነቱን ነው የነገርኩህ» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ይመለሳል ለዚህ? በኋላ ኩራንና ሃውዘር በ2019 ያወጡትን ጥናት አገኘሁ። ሰዎች እንዲህ ያለውን «የማይሆን» ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ያሰቡትን እንዲናገሩ አድርገዋል። «የማይሆነውን» መልስ የመረጠ ሰው አጥጋቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቀድሜ ባነበው ኖሮ።

ሌላም ጉድ ነበር። ወጥመዱን ያስቀመጥኩት ከማብራሪያው በኋላ ነው። ከ61ዱ ውስጥ 38ቱ ረጅሙ ማብራሪያ የደረሳቸው ሆነው ተገኙ። ረጅም ነገር አንብበው ደክሟቸው፣ ሌላ ረጅም አንቀጽ ሲመጣ ዘለሉት። እነሱን ባወጣ ኖሮ ረጅሙን ካነበቡት መሃል ትዕግሥተኞቹን ብቻ አስቀርቼ ያን ያህል ካልተነካው የአጭሩ ቡድን ጋር ላወዳድር ነበር። ማብራሪያው ራሱ ማን እንደሚወድቅ ወስኗል። ውጤቱ ያምርልኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው።

ሁሉንም ቀለበስኩ፣ 61ዱም ተከፈላቸው። ዘጠኙም ጭምር። 110 ፓውንድ ገደማ ነው። አማካሪዬ «ለዘጠኙ ለምን?» አለኝ። የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ዳታውን መጣል ሌላ፣ ገንዘቡን መከልከል ሌላ። ለመጣሉ ምክንያቴን እጽፋለሁ፤ ለመከልከል ግን በአንድ ወጥመድ አልፈርድም። ፕሮሊፊክ የተባለው ፓነል እንኳ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለሚፈጅ ጥናት ሰው ውድቅ የሚደረገው ቢያንስ ሁለት መፈተሻ ሲወድቅ ነው ይላል፤ መፈተሻውም ግልጽ እንዲሆን ይጠይቃል። የእኔው ፓነል ግን አንድም ቃል ሳይናገር ቁልፉን ሰጠኝ።

መጠይቁን ለሁለተኛ ጊዜ ስልክ ወጥመዱንና የኮምፒውተሩን ዓረፍተ ነገር አወጣኋቸው። ሁለት መፈተሻ ብቻ አስቀረሁ፤ ሁለቱም ከማብራሪያው በፊት። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አንዳንድ ሰው በስህተት ገጽ ያልፋል። ይህ ጥያቄ ያንን ለማወቅ ነው። እባክዎ ‹በጣም አልስማማም›ን ይምረጡ።» አማካሪዬ «ነገርካቸው እኮ!» አለ። አዎ፣ ነገርኳቸው። የማያነብ ሰው ቢነገረውም አያነበውም። የሚያነበው ደግሞ አይናደድም። መጠይቁን በስልክ ከፍቼ አራት ጓደኞቼ ላይ ሞከርኩት። አንዷ ስልኳ ላይ ሰንጠረዡ ተበታትኖ «ረድፉ የቱ ነው?» ስትለኝ «እዚህ ረድፍ ላይ» የሚለውን ሁለተኛውን መፈተሻም ከሰንጠረዡ አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት።

በዚህኛው ዙር ሁለቱንም የወደቁት 7 ሰዎች ናቸው። ጊዜያቸውና ሰንጠረዣቸውም ያንኑ ይመሰክራል። ከማወዳደሪያው አወጣኋቸው፤ እነሱ የተካተቱበትን ስሌት ደግሞ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ «ያናደደዎት ነገር ካለ ይጻፉ» የሚል ሳጥን ጨምሬ ነበር። ስለ መፈተሻው ያማረረ አንድም አልነበረም። አንድ ሰውዬ ግን «80 በመቶ ጨርሰዋል ካልከኝ በኋላ 20 ጥያቄ ጠየቅኸኝ» ብሎ ጻፈ። ቆጠርኩት። 22 ነበር።