ድምሩና ዝርዝሩ ያልተስማሙበት ኢንቮይስ

ሰባት መስመር ብቻ ያለው የጽሕፈት ዕቃ ኢንቮይስ ነበር። አቅራቢው ብዙ ጊዜ አብሮን የሠራ፣ ዕቃ በሰዓቱ የሚያደርስ ድርጅት ነው። ተከፋይ ሂሳብ ላይ አብራኝ የምትሠራው ወጣት ባልደረባዬ መስመሮቹን በካልኩሌተር ስትደምር 48,630 መጣላት። ከግርጌ «ከታክስ በፊት ድምር» በሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ግን 46,380 ነው። ደግማ ደመረች፤ ያው ነው። ልዩነቱ 2,250፣ ያውም ለእኛ የሚያደላ ልዩነት።

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ? የጠየቁትን ክፈሏቸውና ተገላገሉ» አለ ከጎናችን የተቀመጠ ሰው። ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚሰማ ምክር ነው፤ ሲሠራ ግን አያስኬድም። እኛ ጋ ኢንቮይስ ወደ ሲስተሙ የሚገባው በመስመር በመስመር ነው። እያንዳንዱ መስመር ከግዢ ትዕዛዙና መጋዘኑ ከፈረመበት የዕቃ መረከቢያ ጋር ይመሳከራል። ሰባቱም መስመሮች ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ፤ የማይስማማው ድምሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ሂሳቡን አልመዘግብም ይላል። በግድ እናስገባው ቢባል አንዱን መስመር መቀነስ ሊኖርብን ነው፤ ያኔ ደግሞ ተረክበነው ኢንቮይስ ያልመጣበት ዕቃ እየተባለ በየወሩ መዝጊያ ላይ ሲነሳ ይኖራል። ታክሱም የተሰላው ከዚያው ከጎደለው ድምር ላይ ነበር። አቅራቢውም አንድ ቀን መዝገቡን ሲያስታርቅ 2,250 ቀርቶብኛል ብሎ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ከየት እናመጣዋለን?

ስለዚህ ኢሜይል መጻፍ ግድ ሆነ። ባልደረባዬ ያዘጋጀችው ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «በላካችሁት ኢንቮይስ ላይ የአሃዝ መገለባበጥ ስህተት ስለተፈጸመ በአስቸኳይ አስተካክላችሁ እንድትልኩ እናሳስባለን።»

ቃናው ይቆየንና፣ «የአሃዝ መገለባበጥ» ከየት መጣ አልኳት። መልሷ ዝግጁ ነበር። ሁለት ቁጥሮች የሚለያዩት አሃዞቻቸው ቦታ ስለተለዋወጡ ከሆነ ልዩነታቸው ሁልጊዜ ለ9 ያለቀሪ ይካፈላል፤ ለምሳሌ 63 ሊጻፍ 36 ቢጻፍ ልዩነቱ 27 ነው። የእኛ 2,250 ለ9 ሲካፈል ልክ 250 ይሆናል። በዚያ ላይ 48,630 እና 46,380 የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አሃዞች ነው፦ 4፣ 8፣ 6፣ 3፣ 0። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እውነትም የሚያሳምን ይመስላል። ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ነው። አሃዝ ከተገለባበጠ ልዩነቱ የግድ ለ9 ይካፈላል፤ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሁሉ ግን ከመገለባበጥ አይመጣም። ከየዘጠኙ ሙሉ ቁጥር አንዱ ለ9 ይካፈላልና፣ በአጋጣሚ መግጠሙ ብርቅ አይደለም። ደግሞ እጅ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀያይረው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞችን ነው። 8 እና 6 ቢቀያየሩ 46,830 በሆነ ነበር። ወደ 46,380 ለመድረስ ሦስት አሃዞች ቦታ መልቀቅ አለባቸው። ከሁሉም በላይ ኢንቮይሱ በኤክሴል የተሠራ ይመስል ነበር፤ እንዲያ ከሆነ ድምሩን ሰው አልተየበውም ማለት ነው።

ልዩነት ሲያጋጥመኝ ለ9 ከማካፈሌ በፊት የማደርገው ሌላ ነገር አለ፦ ልዩነቱ ራሱ ከመስመሮቹ አንዱ ላይ ተጽፎ እንደሆነ አያለሁ። ከላይ ወደ ታች ወረድን። ወረቀት 12,400፣ ቶነር 17,700፣ ቦክስ ፋይል 5,100፣ ስቴፕለር 3,600፣ ፖስታ 25 ፓኮ በ90 ሂሳብ 2,250። አምስተኛው መስመር ላይ ቆምን። ከሥሩ ያሉት ካልኩሌተር 5,040 እና እስክሪብቶ 2,540 ናቸው።

ያኔ ነው ሌላ ነገር ዓይኗ ውስጥ የገባው። የዋጋው ዓምድ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ወደ ቀኝ ተጠግተው በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ 2,250 ብቻ ወደ ግራው ጠርዝ ተጠግቷል። ኤክሴል፣ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ነው የሚያስጠጋው። ለዓይን ቁጥር የሚመስል ነገር ለኤክሴል ጽሑፍ ከሆነበት ደግሞ `SUM` ዘሎት ያልፋል፤ ስህተት አለ ብሎም አይናገርም።

«አገኘነው! እንጻፍላቸዋ» አለች። እኔ ግን ይህም ቢሆን ኢሜይሉ ውስጥ ባይገባ ይሻላል አልኩ። ፋይላቸውን አላየነውም። በዚያ ላይ ሌላም ሊሆን የሚችል ነገር አለ፦ ብዙ ስለገዛን ፖስታውን በነፃ ሰጥተውን፣ ዋጋውን ለመረጃ ያህል ብቻ ጽፈውት ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚያደርግ አቅራቢ ገጥሞኛል። እኛ በእርግጠኝነት የምናውቀው የዝርዝሩን ድምር፣ የግርጌውን ድምር፣ ልዩነቱን፣ ልዩነቱ ከ5ኛው መስመር ጋር እኩል መሆኑንና በእኛ ወረቀት ላይ ያለውን ነው። በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፦

«ጉዳዩ፦ የኢንቮይስ ቁጥር 0417 ድምር እንዲረጋገጥልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን፣

የላካችሁልን ኢንቮይስ ቁጥር 0417 ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ለክፍያ ስናዘጋጀው አንድ ልዩነት ስላየን፣ ከመክፈላችን በፊት እንድታረጋግጡልን ይህን ጽፈናል።

የሰባቱ መስመሮች ዋጋ ሲደመር 48,630.00 ይመጣል። ከታክስ በፊት ተብሎ በግርጌው የተመለከተው ድምር 46,380.00 ነው። ልዩነቱ 2,250.00 ሲሆን፣ በ5ኛው መስመር ከተመለከተው የፖስታ ዋጋ ጋር እኩል ነው። የግዢ ትዕዛዛችን 25 ፓኮ ፖስታ በ90.00 ሂሳብ ይላል፤ መጋዘናችንም 25 ፓኮ ተረክቧል።

ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ብትገልጹልን። ድምሩ የሚስተካከል ከሆነ የተስተካከለ ኢንቮይስ ወይም የልዩነቱን ዴቢት ኖት፣ በእናንተ አሠራር በሚመቸው መንገድ ብትልኩልን። 5ኛው መስመር የማይከፈልበት ከሆነም ይኸው በጽሑፍ ቢደርሰን። ታክሱ የተሰላው ከዚሁ ድምር ስለሆነ አብሮ እንዲታይ በአክብሮት እንጠይቃለን።

መልሳችሁ እስከ ሐሙስ ቀትር ከደረሰን ክፍያውን በዓርቡ ዙር እናስገባዋለን። የኢንቮይሱ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር፣
ተከፋይ ሂሳብ ክፍል»

ኢሜይሉ ውስጥ «ስህተት» የሚል ቃል የለም። ይህን ያደረግነው ለትሕትና ብቻ አልነበረም፤ ስህተት መሆኑንም ገና አላወቅንም ነበር። የተያያዘው ቅጂም እነሱ የላኩት ሆኖ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ያልተሰረዘበት ነው። አንዳንድ ሰው ድምሩን በእስክሪብቶ አርሞ ስካን አድርጎ ይልካል። የሌላን ድርጅት ሰነድ እኛ ማረም አንችልም፤ ኋላ ኦዲተር ፊት ሲቀርብ ማን እንደነካው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የክፍያውን ቀን የጻፍነው ደግሞ ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የሚፈራው «ክፍያ ሊያዘገዩብን ሰበብ ፈልገው ነው» የሚለውን ስለሆነ ነው።

ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲም ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አንጽፍም ነበር። የአንዱ ዋጋ በአራት ዴሲማል እየተባዛ በሁለት ሲታተም፣ የመስመሮቹ ድምርና የግርጌው ድምር በጥቂት ሳንቲም ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚያ ሲስተሙ ውስጥ የተፈቀደ የልዩነት ልክ ስላለ ራሱ ያሳልፈዋል።

መልሱ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ ነው የመጣው። የአቅራቢው ሂሳብ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው። «እናንተ ዘንድ 48 ሺህ እንዴት እንደመጣ አልገባኝም፤ ኮምፒውተሩ የደመረው እኮ ነው» ብሎ ጀመረ። ባልደረባዬ አልተከራከረችውም። «5ኛው መስመር ወደ ግራ የተጠጋ መስሎን ነበር፤ እስቲ ፋይሉን ይመልከቱልን» አለችው። ከዚያ የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። ባዶ ሴል ላይ ይህን ጻፈ፦

```
=ISNUMBER(G6)
```

መልሱ `FALSE` ሆነ። ፖስታው መጨረሻ ላይ የታዘዘ ዕቃ ነበር። የሌሎቹ መስመሮች ዋጋ ብዛትን በአንዱ ዋጋ በማባዛት የሚመጣ ሲሆን፣ የዚህኛውን ግን አንድ ሰው ዋጋ ከተላከበት ኢሜይል ላይ ገልብጦ ለጥፎታል። ከቁጥሩ ጋር ለዓይን የማይታይ ባዶ ቦታ አብሮ ስለገባ ኤክሴል ሙሉውን ጽሑፍ አድርጎ ይዞታል። ሴሉን አጥፍቶ 2,250 ብሎ በእጁ ሲጽፍ ድምሩ ወዲያው 48,630 ሆነ።

በዚያው ቀን የተስተካከለ ኢንቮይስ ላከልን፤ ግን በዚያው በ0417 ቁጥር። ይህን እንዳይተወው ለመንነው። አንድ ቁጥር የያዙ፣ ድምራቸው የተለያየ ሁለት ሰነዶች ካሉ ከወራት በኋላ የትኛው እንደሚጸና የሚያውቅ አይኖርም፤ የእኛም ሲስተም ሁለተኛውን «ተደግሟል» ብሎ ይመልሰዋል። እሱም የቀድሞውን ሰርዞ፣ «ቁጥር 0417ን የሚተካ» የሚል ማስታወሻ ያለበት 0423 አወጣ። ከመክፈላችን በፊት አዲሱ ላይ ያለውን የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከአቅራቢው ማኅደር ጋር አመሳከርን። «የተስተካከለ ኢንቮይስ» ማለት አጭበርባሪ በመሐል ገብቶ የራሱን ሂሳብ ቁጥር የሚያስገባበት የታወቀ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ማኅደሩ ውስጥ በቆየው ስልክ ደውለን እንጠይቅ ነበር። ተመሳሳይ ስለነበር በዓርቡ ዙር ተከፈለ።

ሰውየው በሌላ ቀን ደግሞ ደወለ። ያን ፋይል ለሌሎች ደንበኞችም ይጠቀሙበት ስለነበር የቀድሞዎቹን ኢንቮይሶች እየከፈተ ማየት ጀምሯል። የሚያገኘውን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የጠየቀን እንዲህ ያለውን ነገር ከመላኩ በፊት እንዴት እንደሚይዘው ነው። ባልደረባዬ ከድምሩ ሥር አንድ ሴል እንዲጨምር ነገረችው፦

```
=COUNT(G2:G8)
```

`COUNT` የሚቆጥረው ቁጥሮችን ብቻ ስለሆነ በ0417 ላይ 6 ይል ነበር፤ መስመሮቹ ግን 7 ናቸው። አሁን ከእነሱ የሚመጣ ኢንቮይስ ሁሉ ከድምሩ ሥር በትንንሽ ፊደል «የተደመሩ መስመሮች፦» ብሎ ብዛቱን ይጽፋል። ባልደረባዬ ግን አሁንም በካልኩሌተር ትደምረዋለች።