ያልተነካችው ሳጥን

አንድ ክሊኒክ ውስጥ ዳታ ኢንኮደር ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ሥራዬ በእጅ የተሞሉ የታካሚ ቅጾችን ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነበር፤ በአንድ በኩል ጥያቄው፣ በሌላው በኩል መልሱ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ቀላል ናቸው። ሳጥን ያለበት ቦታ ስደርስ ራይት የተደረገበትን ብቻ እጽፋለሁ። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ «የለም» ብዬ አልፋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የመርፌ ክፍሏ ሲስተር መጡ።

«የዚችን ሴትዮ ቅጽ የገለበጥከው አንተ ነህ?»

«አዎ ሲስተር።»

«እስቲ ወረቀቱን አውጣልኝ።»

ስክሪኑ ላይ «የመድኃኒት አለርጂ፦ የለም» ይላል። ወረቀቱ ላይ «አለ»ም «የለም»ም አልተነካም። ጠርዙ ላይ ግን በደቃቅ ጽሑፍ «ፔኒሲሊን፣ ሽፍታ» ተብሏል። ሴትዮዋ የታዘዘላት ፔኒሲሊን ነበር። ሲስተር ከመውጋታቸው በፊት ደግመው ባይጠይቋት ኖሮ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ከዚያ በኋላ አጻጻፌን ለወጥኩ። ምርጫዎቹን በሙሉ እንዳሉ እጽፋለሁ፤ ምልክት ያለበትንም የሌለበትንም።

```
የመድኃኒት አለርጂ: [ ] አለ  [ ] የለም
የጠርዝ ጽሑፍ: ፔኒሲሊን፣ ሽፍታ
የደም ግፊት: [x] አለ  [ ] የለም
```

እንዲህ ሲጻፍ ያልተመለሰ ጥያቄ ያልተመለሰ መሆኑ ይታያል። ሁለቱም ሳጥኖች ምልክት ካላቸው ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ አንዱ ከተሰረዘ «ተሰርዟል» እላለሁ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ታካሚውን ያየው ሰው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

በጣም ያስቸገረኝ የኤክስ ምልክት ነው። አንዱ ባለሙያ ኤክስ የሚያደርገው የመረጠውን ነው፤ ሌላው ደግሞ ያልሆነውን ነው። መለያው እዚያው ቅጹ ላይ ይገኛል። ጾታ የሚለውን አያለሁ። የሴት ስም ተጽፎ «ወንድ» ላይ ኤክስ ካለ፣ ያ ሰው በኤክስ የሚሰርዝ ነው። «ሴት» ላይ ካለ ደግሞ በኤክስ የሚመርጥ ነው። ስሙ ለሴትም ለወንድም የሚሆን ከሆነ፣ ለምሳሌ ደስታ፣ ወይም ትዕግሥት ይሁን ትዕግሥቱ የማይለይ ጽሑፍ ሲገጥመኝ፣ አልገምትም። ምልክቱን እንዳለ ጽፌ ቅጹን የሞላውን ሰው እጠይቃለሁ።

የድሮዎቹን ቅጾችም ከካርድ ክፍል አስወጥቼ እንደገና ገለበጥኳቸው። ቀድሞ ልብ ብል ኖሮ የአለርጂው ዓምድ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ቅጽ ውስጥ አንድም ያልተመለሰ አልነበረውም። በእጅ ተሞልቶ አንድም ክፍት ቦታ የሌለው የቅጽ ክምር ደግሞ እኔ አላየሁም።

ጠርዛቸው ላይ የመድኃኒት ስም ያለባቸው ሌሎች ሦስት ቅጾች ተገኙ። ሲስተር ራሳቸው ደወሉላቸው። የአንደኛው ስልክ አልነሳ አለ፤ ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሲመጣ ይጠየቅ» ብለው ጻፉበት።